የእድር በዓል ቪዲዮ በአንድ ሌሊት፦ ከማታ 1 ሰዓት እስከ ጠዋት 4 ሰዓት

ኅዳር መግቢያ ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን። ቅዳሜ ዕለት አንድ እድር 40ኛ ዓመቱን አከበረ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤ አለው። ቪዲዮው ጉባኤው ላይ ይታያል ተብሎ ለአባላቱ ሁሉ ተነግሯል። እድር «ይታያል» ካለ ይታያል። ቀን መለወጥ የሚባል ነገር የለም።

ካርዶቹ እጄ የገቡት ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። ጉባኤው የሚጀምረው ጠዋት 4 ሰዓት። በመሃል ያለኝ 15 ሰዓት ብቻ ነው። በሁለት ካሜራ የተቀረጸው ርዝመቱ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ይሆናል። የተስማማነው 20 ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ ላይ ነው።

ከዚህ በታች ያን ሌሊት የሠራሁበትን ቅደም ተከተል እጽፋለሁ። የለቅሶ ቤት፣ የትምህርት ቤት ወይም የሰፈር በዓል ቪዲዮ በአንድ ሌሊት ለማድረስ ለተገደደ ሰው እንዲሆን ነው። ቅደም ተከተሉ ሁሉ የተሠራው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ እኩለ ሌሊት ሳያልፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚታይ ቪዲዮ መውጣት አለበት። ያልተዋበ ይሁን። ቀለሙ አይስተካከል፣ ጽሑፉም ይቅር። ግን ሙሉ ይሁን። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ማሻሻል ነው።

1. ሰዓቱን ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት ወረቀት አወጣሁ። ጉባኤው 4 ሰዓት ላይ ከሆነ እኔ አዳራሹ ውስጥ መገኘት ያለብኝ 3 ሰዓት ላይ ነው። ፕሮጀክተርና ድምፅ ለመሞከር አንድ ሰዓት ያስፈልጋል። ፍላሽ ላይ ለመገልበጥና ለመንገድ አንድ ሰዓት። ስለዚህ የመጨረሻው ፋይል ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እጄ ላይ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ ቁጭ ብዬ አንዴ ሙሉውን ማየት አለብኝ። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው አይቆጥረውም። 20 ደቂቃ የሆነን ቪዲዮ ለማየት 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስህተት ከተገኘ ማረሚያም ይፈልጋል። ለዚህ አንድ ሰዓት ያዝኩ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሬ ለኤክስፖርት ምን ያህል እንደሚወስድ ማወቅ ነበረብኝ። ይህ በግምት አይሠራም። ማንኛውንም አንድ ደቂቃ ታይምላይን ላይ አስቀምጠው ያውጡና በሰዓት ይለኩ። የእኔ ላፕቶፕ አንድ ደቂቃውን በአንድ ደቂቃ ተኩል አወጣ። ስለዚህ 20 ደቂቃው 30 ደቂቃ ይፈልጋል ማለት ነው። እኔ ግን በእጥፉ፣ አንድ ሰዓት ብዬ ያዝኩት። መብራት ሊሄድ ይችላል።

ይህን ሁሉ ስቀንስ ለኤዲት የተረፈኝ ጊዜ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ድረስ ብቻ ሆነ።

2. ካርዱን ቆልፈው ይገልብጡ

የኤስዲ ካርድ ጎን ላይ ትንሽዬ ተንሸራታች ቁልፍ አለች። ካርዱን ሪደር ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት በጥፍርዎ ወደ ታች ይሳቧት። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ካርዱን ማንበብ እንጂ መጻፍም ሆነ ማጥፋት አይችልም። በእንቅልፍ ልብ የሚሠራ ሰው የማይፈልገውን ፋይል ሊያጠፋ ብሎ የሚፈልገውን ያጠፋል። ይቺ ቁልፍ ከዚያ ታድናለች።

የሁለቱ ካሜራ ፋይል ተደምሮ 90 ጊጋባይት ያህል ነበር። በፈጣን ሪደር ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በድሮ ሪደር ግን 50 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። የሪደር ዋጋ የሚታየው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው።

መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ፣ ከላፕቶፑ ደግሞ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ሲያልቅ የፋይሎቹን ብዛትና ጠቅላላ መጠን ከካርዱ ጋር አመሳከርኩ። ከዚያ የመጀመሪያውን፣ የመሃሉንና የመጨረሻውን ፋይል ከፍቼ አየሁ። ቁጥሩ ገጥሞ የማይከፈት ፋይል ሊኖር ይችላልና ዓይኔ እስኪያይ አላምንም። ካርዶቹን በፖስታ አሽጌ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ቪዲዮው ታይቶ እስኪያልቅ አይነኩም።

ፕሮክሲ ስለመሥራት አንድ ነገር ልበል። ቀላል ቅጂ ሠርቶ በዚያ ላይ ኤዲት ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። ጊዜ ሲኖር። የ4 ሰዓት ቀረጻ በሙሉ ወደ ፕሮክሲ ልቀይር ቢባል ግን የሌሊቱ ግማሽ እዚያ ላይ ያልቃል። ላፕቶፑ ምስሉን እየቆራረጠ ካስቸገረ መጀመሪያ የማሳያውን ጥራት ወደ ሩብ ዝቅ ያድርጉት። ኤክስፖርቱን አይነካውም። ለእኔ ያ በቂ ሆኖልኛል።

3. ንግግሩን በዓይን ይፈልጉ

አራት ሰዓት ቀረጻ ተቀምጦ ማየት አይቻልም። ግን ሁሉንም ማየት አያስፈልግም። ታይምላይን ላይ የድምፁን ሞገድ ከፍ አድርገው ይዩት። ንግግር ሲሆን ሞገዱ እንደ ጥርስ ነው፤ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በየመሃሉ ክፍተት አለው። ጭብጨባና እልልታ ሲሆን ግን ወፍራም፣ ድፍን ያለ ጡብ ይመስላል። እያንዳንዱን ጡብ ይፈልጉና 30 ሰከንድ ወደ ኋላ ይመለሱ። ሕዝቡ የወደደው ዓረፍተ ነገር እዚያ ነው።

በዚህ መንገድ ከሁለት ሰዓት ንግግር ውስጥ 14 ቦታ ምልክት አደረግሁ። የፈጀብኝ 40 ደቂቃ ነው። ከዚያ ምልክት የተደረገባቸውን ብቻ በአንድ ተኩል ፍጥነት አዳመጥኩ።

ይህ ዘዴ አንድ ጉድለት አለው። ሕዝብ ሳያጨበጭብ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ንግግርም አለ። በተለይ ስለሞቱት ሲነገር ማንም አያጨበጭብም። ስለዚህ ሞገዱ ድንገት ጸጥ ያለበትንም ቦታ ያዳምጡ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑት አዛውንት የተናገሩትን ያገኘሁት እንዲህ ነው። እድሩ ሲመሠረት የመጀመሪያውን ድንኳን በምን ገንዘብ እንደገዙ ይተርካሉ። ከሕዝቡ መሃል አንድ ሳል እንኳ አይሰማም።

እሳቸው ሲናገሩ በየዓረፍተ ነገሩ መሃል ረጅም ዝምታ አለ። ጊዜ ለማትረፍ ያንን ዝምታ ለመቁረጥ እጅ ይበላል። አይቁረጡት። ሽማግሌን አጣድፈው ያናገሩ ይመስላል፤ ተመልካቹም ይሰማዋል። ጊዜ ከጠበበ አንድ ሙሉ ሐሳብ ያውጡ እንጂ ትንፋሻቸውን አይቁረጡ።

4. ከምስል በፊት ድምፅ

የማኅበረሰብ ቪዲዮ ምስሉ ቢንቀጠቀጥ ሰው ይታገሳል። ንግግሩ ካልተሰማ ግን «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለ እርስ በርሱ ማውራት ይጀምራል። ያኔ ቪዲዮው አበቃለት። ስለዚህ እኔ ቆንጆ ምስል መምረጥ የምጀምረው ድምፁ ዳር እስከ ዳር ከተደረደረ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ሌሊቱ ከበደኝ። የአዛውንቱ ንግግር የተቀረጸው ከአዳራሹ ውጭ፣ ድንኳን ሥር ነው። የደብረ ብርሃንን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። የካሜራው ማይክ ሩቅ ስለነበር የሚሰማው የድንኳኑ ሸራ ሲርገበገብ ነው። ከሚክሰር የተቀዳው ድምፅ ደግሞ ከመጠን በላይ ተከፍቶ ነበር። ሞገዱን አጉልቼ ሳየው ጫፉ ሁሉ በመቀስ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ሆኗል። ጫፉ የተቆረጠ ድምፅ ቢቀንሱትም ሻካራነቱ አይለቅም። የጠፋው ነገር ጠፍቷል።

የነፋስ ድምፅ ብቻ ቢሆን ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን በመቁረጥ ብዙ ይቀንስ ነበር። ሸራ ግን እንደ ሰው ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ አብሮ አይሄድም። ሞክሬ ተውኩት።

ያኔ ቀረጻውን እንደገና አየሁ። ከአዛውንቱ ጎን አንድ ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ ሲቀርጽ ይታያል። አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ለእድሩ ጸሐፊ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ከአባባ አጠገብ ቆሞ ሲቀርጽ የነበረው ልጅ ማን ነው?»

«የልጅ ልጃቸው ነዋ! ቤታቸው ነው ያለው። ልደውልለት?»

ማታ 4 ሰዓት ላይ ልጁ ጋቢውን ደርቦ ስልኩንና ኬብሉን ይዞ መጣ። በቴሌግራም ልላክልህ ብሎኝ ነበር። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ መላክ ግድ ከሆነ እንደ ፋይል ነው መላክ ያለበት። በዚያ ሌሊት ግን ኔትወርኩን ከመጠበቅ በኬብል መገልበጥ ይፈጥን ነበር።

የስልክ ቪዲዮ አንድ ችግር አለው። ስልክ በሰከንድ የሚቀርጸውን የፍሬም ብዛት እንደ ብርሃኑ ይቀያይራል። ብዙ የኤዲት ፕሮግራሞች ይህን በትክክል አይዙትም። መጀመሪያ ላይ ከንፈርና ድምፅ ይገጥማል፤ አምስት ደቂቃ ሲሆን ይለያያል። ለማወቅ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻውን ይዩ። እኔ ግን የምፈልገው ድምፁን ብቻ ነበር። ድምፁን ብቻ ለይቶ ማውጣት ደግሞ ይህን ችግር ከሥሩ ያስቀረዋል። ffmpeg በሚባለው፣ ትእዛዝ እየተጻፈለት በሚሠራ ፕሮግራም እንዲህ ይወጣል፦

```
ffmpeg -i phone.mp4 -vn -ar 48000 phone.wav
```

ይህ ምስሉን ትቶ ድምፁን ለቪዲዮ በሚስማማው በ48000 ያወጣል። የወጣውን ድምፅ በካሜራው ምስል ሥር አስቀመጥኩ። ለማግጠም የተጠቀምኩት ንግግሩ ሲጀመር ማይኩን «ጧ ጧ» ያደረጉበትን ድምፅ ነው። ሁለቱም ሞገድ ላይ ሁለት ሹል ጫፍ ሆኖ ይታያል። ሹሉን ከሹሉ ጋር አገጠምኩ፤ ከዚያ የካሜራውን ድምፅ ዘጋሁ። አዛውንቱ ከጎኔ ተቀምጠው የሚያወሩኝ ያህል ሆነ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ሲያዳምጥ «ይሄ የአባባ ሳል ነው» አለ።

ስለ ድምፅ መጠን ብዙ አልጨነቅም። የንግግሩ ከፍተኛ ጫፍ ከ-6 ዲሲቤል እንዳያልፍ አደርጋለሁ። ከሥር የሚገባው ዜማ ካለ ከንግግሩ በ15 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ይላል። እልልታ ግን ድንገት ይጮኻልና በየቦታው በእጅ መቀነስ አለበት። አዳራሽ ውስጥ በትልቅ ስፒከር ሲወጣ ጆሮ ይወጋል።

5. እኩለ ሌሊት ላይ ሙሉውን ያውጡ

ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ድምፁ ሁሉ ተደርድሮ ነበር። ላዩ ላይ የሚሄደው ምስል ገና ክፍተት ነበረው። ክፍተቱን በአዳራሹ ሰፊ ምስል ሞላሁት። ቡራኬው አለ፣ ታሪኩ አለ፣ ንግግሮቹ አሉ፣ የተሸለሙት አሉ፣ ምሳው አለ። 20 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሆነ።

አሁን የሚወጣበትን መንገድ ልብ ይበሉ። ኤምፒ4 ፋይል ማውጫው ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። ኤክስፖርቱ 95 በመቶ ደርሶ መብራት ቢሄድ የሚቀርዎት ፋይል ትልቅ ነው፤ ግን አይከፈትም። ይህ ከአሁን በፊት ደርሶብኛል። የሠርግ ቪዲዮ ነበር። እንደገና ከዜሮ ነው የጀመርኩት።

ከዚያ ወዲህ ሙሉውን በአንድ ጊዜ አላወጣም። አምስት አምስት ደቂቃ አድርጌ በአራት ክፍል አወጣዋለሁ። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ሲያልቅ እንዲህ ይገጣጠማሉ። መጀመሪያ list.txt የሚባል ፋይል ይሠራል፦

```
file 'part1.mp4'
file 'part2.mp4'
file 'part3.mp4'
file 'part4.mp4'
```

ከዚያ፦

```
ffmpeg -f concat -safe 0 -i list.txt -c copy final.mp4
```

ይህ እንደገና ስለማያወጣው ወዲያው ያልቃል። አራቱም ክፍሎች ግን በአንድ ዓይነት ሴቲንግ መውጣት አለባቸው፤ መጠናቸው፣ የፍሬም ብዛታቸው፣ ድምፃቸው። አንዱ ከተለየ መገጣጠሚያው ላይ ምስሉ ይቆማል ወይም ድምፁ ይጠፋል። ክፍሎቹ የሚቆረጡበትን ቦታ ደግሞ ሰው እየተናገረ ሳለ አያድርጉት። መገጣጠሚያው ላይ «ቲክ» የምትል ትንሽ ድምፅ ልትሰማ ትችላለች። ምስሉ ወደ ጥቁር በሚሄድበትና ጸጥታ ባለበት ቦታ ይቁረጡ።

የመጀመሪያው ሙሉ ቪዲዮ ከእኩለ ሌሊት ትንሽ አለፍ ብሎ ወጣ። ወዲያው ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። አንድ ሌላ ትንሽ ቅጂም አወጣሁ፤ በስልክ ብቻ የሚታይ፣ ደካማ ጥራት ያለው። እሱን ለጸሐፊዋ በቴሌግራም ላክሁላት። ለቅዳሴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እንደምትነሳ አውቃለሁ።

6. መብራት ሲሄድ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ውርጩ በመስኮቱ ይገባል። የመንዝ ባና ትከሻዬ ላይ ደረብኩ። የላፕቶፑ ባትሪ አንድ ሰዓት ከአሥር ይላል፤ ይህ ግን ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው። ኤዲት ሲደረግበት ግማሹም አይቆይም።

በዚህ ጊዜ መደረግ ያለበት ይህ ነው። ፕሮጀክቱን ሴቭ ያድርጉ። የውጭውን ሃርድ ዲስክ በሥርዓቱ አውጥተው ይንቀሉት፤ ኃይል ይበላል። ከዚያ ላፕቶፑን ይዝጉ። ባትሪውን ለጠዋቱ ኤክስፖርት ያቆዩት። በጨለማ ሊሠራ የሚችለው ሥራ በስልክ የሚሠራው ነው። ያ ደግሞ የስም ዝርዝር ነው።

7. ስም

በእድር ቪዲዮ ትልቁ ስህተት ቀለም አይደለም፤ ስም ነው። ቪዲዮው መጨረሻ ላይ በ40 ዓመት ውስጥ ካረፉት መሥራች አባላት የ31ዱ ስም ይወጣል። ማታ የእድሩን መዝገብ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ነበር። በባና ተጠቅልዬ አንድ በአንድ ጻፍኩ።

ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ፊደሉን እንደ መዝገቡ ይጻፉ። ኃይሉ በኃ ከተጻፈ በኃ ይሁን፤ ሠርጸ በሠ ከሆነ በሠ። ለእርስዎ ድምፁ አንድ ነው። ለልጆቻቸው ግን የአባታቸው ስም እንደዚያ ነው የሚጻፈው። ሁለተኛ፣ እስከ አያት ይጻፉ። ይህን ለምን እንደምል ቀጥሎ አለ። ሦስተኛ፣ ስልክ ላይ የጻፉትን ኤዲት ፕሮግራሙ ውስጥ ሲለጥፉት ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊታይ ይችላል። ጽሑፉ አልተበላሸም፤ የተመረጠው ፎንት የአማርኛ ፊደል የለውም ማለት ነው። እንደ Nyala ወይም Noto Sans Ethiopic ያለ ፎንት ይምረጡለት። በድሮዎቹ የአማርኛ ፕሮግራሞች የተጻፈ ዝርዝር ከተሰጠዎት ግን ፎንት መቀየር አያድነውም። እንደገና መጻፍ ነው።

ዝርዝሩን እሷም እንድታየው ለጸሐፊዋ ላክሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አንተ ልጅ! 17ኛው ላይ ያሉት ሰውዬ እኮ ትናንት ፊት ለፊት ነበር የተቀመጡት!»

ደነገጥኩ። ለካ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ ነው። የሚለያዩት በአያት ነው። መዝገቡ ላይ እዚያ ገጽ ላይ የአያት ስም አልተጻፈም ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሌላ ገጽ ላይ ያገኘሁትን፣ የሟቹ የመሰለኝን የአያት ስም ጻፍኩ። በሕይወት ያሉትን አዛውንት ከሙታን ዝርዝር ውስጥ አስገብቼ፣ በመቶ ሰው ፊት ላሳይ ነበር።

«ሌላም አለ» አለች። «ሲጀምር ጥሩምባው ለምን ይነፋል?»

መክፈቻው ላይ የእድሩን ጥሩምባ ነፊ አስገብቼ ነበር። ከጠዋት ፀሐይ ጋር ጥሩምባውን ሲነፋ የሚታይበት ምስል ከሁሉም ያማረ ነው።

«እትዬ፣ የእድሩ ምልክት ነው ብዬ ነው።»

«ልጄ፣ ሰው እኮ ጥሩምባ ሲሰማ ‹ማን ሞተ?› ነው የሚለው። ከቅዳሴ ወጥቶ የተቀመጠ ሰው በጥሩምባ አታስደንግጠው። ስማቸው የሚጠራበት ጋ አድርገው።»

ልክ ነበረች። የእድር ቪዲዮ ለአንድ ሰው ሳያሳዩ አይጨርሱ። ያ ሰው ደግሞ ቪዲዮ የሚያውቅ ሳይሆን እድሩን የሚያውቅ ይሁን።

8. የቀረውን ብቻ ያስተካክሉ

መብራት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ መጣ። አሁን የክፍፍሉ ጥቅም ታየ። የሚለወጠው የመጀመሪያው ክፍልና የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። ክፍል ሁለትና ሦስት እንዳሉ ይቀመጣሉ። እንደገና የማወጣው 10 ደቂቃ ብቻ፣ በ15 ደቂቃ።

ክፍሉን ስታርሙ ግን ርዝመቱ ምንም ቢሆን መጨረሻው እዚያው ጥቁር ላይ መሆኑን አረጋግጡ። እኔ መክፈቻውን በከበሮና በአዳራሹ መግቢያ ቀየርኩት። ጥሩምባውን ወደ መጨረሻ ወሰድኩት፤ ከስሞቹ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ይነፋል፣ ከዚያ ዝም።

ቀለም የነካሁት ሦስት ቦታ ላይ ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ ነጠላና ጋቢ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፤ ፊት ደግሞ ይጠቁራል። ሁሉንም ብርሃን ከፍ ካደረጉ ነጠላው ጭራሽ ይነጣል። ደማቁን ዝቅ፣ መካከለኛውን ከፍ ያድርጉ። አዳራሹ በቀን መጋረጃ የለውም ብዬ ስለጠረጠርኩ ፊቶቹን ቤት ውስጥ ከምወደው ትንሽ ጨመር አድርጌ አበራኋቸው። በፕሮጀክተር ጨለማው ነው መጀመሪያ የሚጠፋው።

ከዚያ ወረቀት ይዤ ሙሉውን አየሁ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የሰዎች ስም ነው፦ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊዋ፣ ገንዘብ ያዡ፣ ቄሱ፣ ጥሩምባ ነፊው፣ ድንኳን ተካዮቹ፣ ወጥ የሠሩት ሴቶች። በታዩ ቁጥር ምልክት አደርጋለሁ። ወጥ የሠሩት ሴቶች አልነበሩም። ከሁለተኛው ካሜራ ከጎላው ድስት ጭስ ጀርባ ሲስቁ የሚታዩበት 6 ሰከንድ አገኘሁ። ክፍል አራት ውስጥ፣ ምሳው ላይ ገባ።

9. አዳራሹ

በ10 ሜጋቢት ያወጣሁት 20 ደቂቃ ከ1.5 ጊጋባይት ብዙም አላለፈም። ይህን ሆን ብዬ ነው። ብዙ ፍላሽ በድሮው አሠራር ፎርማት ስለሚደረግ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ቦታ እያለውም «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይላል። ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ፤ ላፕቶፑም ላይ አለ።

3 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ምስሉ ወዲያው መጣ፤ ድምፁ ግን ከፕሮጀክተሩ ትንሽ ስፒከር ይንሾካሾካል። ኤችዲኤምአይ ኬብል ሲሰካ ላፕቶፑ ድምፁን ወደዚያ ይልከዋል። ከድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ወደ ሄድፎን መውጫው ይመልሱትና በትንሿ ኬብል ከሚክሰሩ ጋር ያገናኙት። ያቺን ኬብል ከቤት ይዘው ይምጡ። አዳራሽ ውስጥ አትገኝም። የላፕቶፑን ስክሪን ሴቨርና ኖቲፊኬሽንም ያጥፉ።

4 ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ። አዛውንቱ ስለ ድንኳኑ ሲናገሩ አዳራሹ ትናንት ሕዝቡ ድንኳን ሥር እንደነበረው ጸጥ አለ።

ስሞቹ ላይ ስህተት ሠራሁ። ስድስት ስድስት ስም በአንድ ገጽ አድርጌ፣ ለእያንዳንዱ ገጽ 8 ሰከንድ ሰጥቼ ነበር። ለብቻዬ ጮክ ብዬ ሳነበው በቂ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግን ጥሩምባው ሲሰማ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። በየስሙ «ነፍስ ይማር» ይላል። አራተኛው ስም ላይ ሳይደርሱ ገጹ ይቀየራል። እድሜያቸው የገፋ አንዲት እናት እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው «ቆይ፣ ቆይ» አሉ። ላፕቶፑ ጋ ሮጥኩና ቪዲዮውን አቆምኩት። ከዚያ በኋላ ያሉትን ገጾች በእጄ እያቆምኩ አሳየሁ። ለእንዲህ ያለ ዝርዝር ለአንድ ገጽ 15 ሰከንድ ይስጡ፤ ወይም አራት ስም ብቻ ያድርጉ።